ከመምህርነት ወደ ሒሳብ ሥራ፦ የስንት ወር ስንቅ ይዤ ወጣሁ?

ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምር ነበር። አሁን ኮምቦልቻ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መንገዱን ያወቁ የሥራ ባልደረቦቼ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ስንት ብር ይዘሽ ወጣሽ?"

የብሩን መጠን ብነግራቸው ብዙም አይጠቅማቸውም። የእነሱ ቤት የእኔ ቤት አይደለም። መጀመሪያ መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ደሞዝ ሲቆም ቤታችሁ በየወሩ ስንት ብር ይጎድለዋል? ሁለተኛው፣ ይህ ጉድለት ስንት ወር ይቆያል? ሁለቱን ስታባዙ ስንቃችሁን ታገኛላችሁ። ከታች የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ሒሳቡን ስጀምር የነበሩ የእኔ ቤት ቁጥሮች ናቸው። ዋጋው ስለሚቀየር ቁጥሩን ትታችሁ አሠራሩን ውሰዱ።

ከወር ወጪ ልጀምር። ብዙ ሰው የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መብራት፣ ውሃና ትራንስፖርት ይደምርና ያቆማል። የእኛ በዚህ ስሌት 12,000 ብር ነበር። ግን ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖር ቁጥር አይደለም። መስከረም ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። በዓል አለ። ወሎ ውስጥ ደግሞ በዓል የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ፋሲካ በእኛ ቤት ነው፣ ዒድ በጎረቤታችን ቤት ነው፣ ለሁለቱም ከኪስ ይወጣል። ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል። ለቅሶ ቀን አይመርጥም። ሰው ይታመማል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አስታወስን። ለትምህርት ቤት 9,000፣ ለበዓላት 14,000፣ ለሕክምና 5,000፣ ለሠርግና ለለቅሶ 5,000፣ ለልብስና ለጫማ 3,000 ሆነ። ድምሩ 36,000 ነው። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 3,000 ይመጣል። እውነተኛው የወር ወጪያችን እንግዲህ 15,000 ነበር።

ይህችን 3,000 ማንም ሰው እንዳይዘላት እፈልጋለሁ። ሥራ ለቀው ስንቃቸው ቀድሞ ያለቀባቸውን ሰዎች ሳነጋግር የሰማሁት ተመሳሳይ ነው። አስቤዛው አልጣላቸውም። የጣላቸው መስከረምና ሚያዝያ ነው።

ቀጥሎ የሚቀረው ገቢ ይታያል። ባለቤቴ ባጃጅ ይሠራል። ገቢው አንድ ወር ደህና ነው፣ ቤንዚን የጠፋ ጊዜ ደግሞ ይወርዳል። አማካዩን አልወሰድኩም። በዓመቱ ውስጥ ዝቅተኛ የሆነውን ወር ወሰድኩ፤ እሱም 5,000 ነበር። ማታ ማታ ተማሪ እያስጠናሁ የማገኘውን 3,000 ከነጭራሹ አልቆጠርኩትም። ወላጆች ልጃቸውን ወደ እኔ የሚልኩት የትምህርት ቤቱ መምህር ስለሆንኩ ነው። ከወጣሁ ይቀጥላል ብዬ መተማመን አልችልም። ስለዚህ 15,000 ሲቀነስ 5,000፣ በየወሩ የሚጎድለን 10,000 ብር ሆነ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ስንት ወር?

"ሥራ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ አጭር መልስ ነው የምታገኙት። ሰው የሚያስታውሰው ማመልከቻ ካስገባበት ቀን እስከ ተጠራበት ቀን ያለውን ነው። የተማረበትን፣ ፈተና የጠበቀበትን፣ በነጻ የሠራበትን ይረሳዋል። እኔ ጥያቄውን ቀይሬ "ከመጨረሻው የድሮ ደሞዝሽ እስከ መጀመሪያው ሙሉ የአዲሱ ደሞዝሽ ስንት ወር ነበር?" እያልኩ ጠየቅሁ። ያኔ መልሱ ረዘመ። የተሳካላቸውን ብቻም አልጠየቅሁም። ሞክረው ወደ ማስተማር የተመለሱም ነበሩ። የት ቦታ ላይ እንደተያዙ የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ከዚያ መንገዱን በደረጃ ከፋፈልኩት። ለሒሳብ ሥራ ደረጃዎቹ እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝና ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር መማር ነው። ቀጥሎ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ መፈተን ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ሰነድ ላይ መሥራት ነው፤ ደረሰኝ መመዝገብ፣ የወሩን ቫት ማሳወቅ፣ የሠራተኛ ደሞዝ ግብርና ጡረታ መሥራት፣ ዓመት መዝጋት። አራተኛው ሥራ ፍለጋ ነው። አምስተኛው የሙከራ ጊዜ ነው።

እያንዳንዱ ደረጃ ላይ የተለመደውን ጊዜና የዘገየውን ጊዜ ጻፍኩ። ለመማር የተለመደው አራት ወር ነው፣ ቅዳሜና እሑድ እየተማሩ። ሲኦሲ ከተመዘገቡ በኋላ ፈተናው የሚሰጥበትን ቀን መጠበቅ አለ። የተለመደው ሁለት ወር፣ የዘገየው ሦስት ነው። ልምምዱ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ፍለጋው የፈጠነለት ሁለት ወር፣ የተለመደው ሦስት፣ የዘገየበት ስድስት ወር ነው ያለኝ።

ታዲያ የትኛውን ቁጥር ልያዝ? አንድ ደንብ አወጣሁ። በእኔ እጅ ያለውን ደረጃ በተለመደው ጊዜ አስላሁ፤ ካጠናሁ አራት ወር ይበቃኛል። በሌላ ሰው እጅ ያለውን ግን ሁሉንም በዘገየው አስላሁ። የፈተና ቀን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ቀጣሪ መቼ እንደሚጠራ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ፈተናው ሦስት፣ ፍለጋው ስድስት። ከተቀጠሩ በኋላም የመጀመሪያው ደሞዝ ወር ጠብቆ ስለሚመጣ አንድ ወር ጨመርኩ።

ድምሩ 4 እና 3 እና 3 እና 6 እና 1፣ 17 ወር ሆነ። በወር 10,000 ሲባዛ 170,000 ብር ነው። የእኔ የተጣራ ደሞዝ 11,000፣ ማስጠናቱ 3,000፣ የባለቤቴ 5,000፤ ሲደመር 19,000 ነው። ከዚያ ላይ 15,000 ሲወጣ በወር 4,000 ይተርፋል። 170,000 ለማጠራቀም ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል ማለት ነው።

ይህን ሳይ ነገሩን ከሌላ ጎን አየሁት። አሥራ ሰባቱም ወር ያለ ደሞዝ ማለፍ የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ደሞዝ እየበላሁ ልጨርሳቸው እችላለሁ። ያኔ ከስንቁ የሚበላው ፍለጋውና የመጀመሪያው ደሞዝ መጠበቂያ ብቻ ነው፤ ሰባት ወር፣ 70,000 ብር። 170,000 ወደ 70,000 ወረደ። ወጪ ቆጥቤ ይህን ያህል ልቀንስ አልችልም ነበር።

እዚህ ላይ መምህር ከሌላው ሠራተኛ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ክረምቱ። ሐምሌና ነሐሴ የመንግሥት መምህር ደሞዙን እየወሰደ ያርፋል። በሒሳብ ሥራ ደግሞ ትልቁ ጥድፊያ ያኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የደረጃ ለ ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ፣ የደረጃ ሀ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ግብራቸውን ያሳውቁ ነበር። በእነዚህ ወራት የሒሳብ ቢሮ ሁሉ የደረሰኝ ክምር ነው። የሚረዳ እጅ ይፈለጋል።

ሰኔ ላይ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያላቸው ጋሼ የምንላቸው የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ክረምቱን ያለ ክፍያ ልሥራልዎት፣ ሥራውን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "ልጄ፣ መጀመሪያ ደረሰኝ በቀን በቀን ደርድሪልኝ፤ ሶፍትዌሩ ይደርሳል" አሉኝ። ያን ክረምት በአብዛኛው ደረሰኝ ስደረድር፣ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር ሳስታርቅ አለፈ። ቀጣሪዎች የሚፈትኑት ግን ይህንኑ ነው። በትምህርት ዓመቱም ከሰዓት ነጻ ስሆን እየሄድኩ የወር ቫት መሥራት ጀመርኩ። በሁለተኛው ክረምት በደንበኛ ቁጥር ይከፍሉኝ ጀመር። ሲጨርሱም የልምድ ወረቀት ጻፉልኝ። ማስታወቂያ ላይ "ልምድ ያለው" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ የማሳየው ወረቀት እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ የሙከራ ጊዜ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ይህ አሥር ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ቀጣሪው ካልተስማማው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ "ተቀጠርኩ" በተባለበት ቀን ስንቅ ተፈትቶ አይበላም። በዚያ ላይ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የሚከፈለው ከእኔ የመምህርነት ደሞዝ ያንስ ነበር። 7,000 ብር ገመትኩ። ጉድለቱ 10,000 ስለሆነ ሙከራውን ወደ ሦስት ወር ሳጠጋጋ በየወሩ 3,000፣ በአጠቃላይ 9,000 ተጨማሪ ያስፈልጋል።

የማይነካ የሁለት ወር የድንገተኛ ገንዘብ 20,000 ለየሁ። ይህ ከስንቁ ጋር አይቆጠርም። ለሥልጠና፣ ለፈተናና ለትራንስፖርት 11,000 ያዝኩ። ሁሉም ሲደመር 110,000 ብር። በወር 4,000 እየቆጠብኩ ሃያ ስምንት ወር ገደማ። መማሩም ልምምዱም በእነዚሁ ወራት ውስጥ ስለሚያልቅ ጊዜው ባዶ አይደለም።

ግን ዛሬ የተሰላ ጉድለት ከሁለት ዓመት በኋላ ያው አይሆንም። ዋጋ ይወጣል። በየመስከረምና በየጥር ሒሳቡን እንደገና እሠራው ነበር። ከመውጣቴ በፊት በሠራሁት የመጨረሻ ስሌት ጉድለታችን 12,000 ደርሶ ነበር። ያኔ ሰባት ወሩ 84,000፣ የሙከራው ጊዜ 12,000፣ ድንገተኛው 24,000 ሆነ። የጀማሪ ደሞዝም ከፍ ብሎ 8,000 ገምቼ ነው። ልዩነቱን የሸፈነው ሁለተኛው ክረምት ያገኘሁት ክፍያ ነው። አንድ ጊዜ አስልቶ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ይህን አያይም።

ገንዘቡን የት እንዳስቀመጥኩም ይጠይቁኛል። ዕቁብ ገብቼ ነበር፤ ለመቆጠብ ያስገድዳልና ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ቀድሞ ከወጣላችሁ ቀሪውን የምትከፍሉት ደሞዝ በሌለበት ወር ሊሆን ይችላል። ያ ክፍያ ጉድለት ውስጥ ይደመራል። እኔ ከመውጣቴ በፊት የሚያልቅ ዕቁብ ብቻ ነው የገባሁት። የስንቁን ከፊል ደግሞ ወደ ጤፍ ቀየርኩት። ጤፍ ተወቅቶ ገበያ ሲገባ፣ ጥር አካባቢ፣ የዓመቱን ከሰኞ ገበያ ገዛሁ። ጤፍ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ ነቀዝ አይበላውም። ከእርጥበት ከተጠበቀ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ እኛ ከጆንያችን እየሰፈርን ነበር። ትንሽ ጥሬ ገንዘብም ቤት አለ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ መዘጋቱን ያየ ሰው ሁሉንም በደብተር አያስቀምጥም።

ከመልቀቄ በፊት ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዋስትና ነው። መምህራን እርስ በርስ በደሞዛችን እንዋዋሳለን። ባልደረባችሁ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሲበደር ፈርማችሁ ከሆነ፣ ያ ዋስትና ሳይነሳ ክሊራንስ አይጨረስም። የእኔ ባልደረባ ሌላ ዋስ እስኪያገኝ ድረስ ጠበቅሁ። የራሳችሁ ብድር ካለም እንዲሁ ነው። መንግሥት ያስተማራችሁ ከሆነ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ውል መኖሩን ፋይላችሁ ውስጥ እዩ፤ ያልተጨረሰ ዓመት በገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። የግል ቀጣሪ መልቀቂያ ይጠይቃል። መልቀቂያው ከዘገየ የምትጠብቁበት ወር ከስንቁ ይቆረጣል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ገና ስትቆጥቡ ጀምሩት። ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ እኔ ሐምሌ መጨረሻ አስገብቼ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣሁ። የተማሪዎቼ ዓመትም በመሃል አልተቋረጠም።

ለራሴ አንድ መስመርም አስምሬ ነበር። ከድንገተኛው ውጪ ያለው ገንዘብ የሦስት ወር ጉድለት ሲቀረው፣ ማለትም 36,000 ላይ ሲደርስ፣ የተገኘውን ሥራ እይዛለሁ፤ ፍለጋውንም ጎን ለጎን እቀጥላለሁ። ሦስት ወር ያልኩበት ምክንያት አለ። ተማሪ መልሶ ለማሰባሰብ ጊዜ ይፈልጋል። የግል ትምህርት ቤቶችም መምህር የሚፈልጉት በአብዛኛው መስከረም ወይም ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀምር ነው። ገንዘቡ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚፈለግ ሥራ በማንኛውም ዋጋ የሚያዝ ሥራ ነው። መስመሩን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ነው የጻፍነው። እሱ ባያውቀው ኖሮ በየወሩ ስለ ገንዘብ እንጨቃጨቅ ነበር።

እስከ ጥቅምት 30 ጋሼ ጋር በደረጃ ሀ ፋይሎች ላይ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ማስታወቂያ ያነሰ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎችና አስመጪዎች በር ላይ ማመልከቻ አስገባሁ። ሁለት ቦታ ተፈተንኩ፤ አንዱ ጋ የባንክ ማስታረቅ ሰጡኝ፣ ሌላው ጋ በፒችትሪ ደሞዝ እንድሠራ። ጥር ሲያልቅ ገንዘቡ መስመሩ ላይ ደረሰ። እንደተባባልነው አንድ የግል ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ማስተማር ጀመርኩ፤ ከሰዓት ማመልከቴን አልተውኩም። ከትምህርት ቤቱ የማገኘው ጉድለቱን ወደ ግማሽ አወረደው። የአሁኑ ድርጅት የጠራኝ መጋቢት ውስጥ ነው፤ የባንክ ማስታረቁን የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

ግማሽ ቀን የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ወዲያው አልተውኩም ነበር። ለርዕሰ መምህሯ ነገሩን በግልጽ ነግሬያት ምትክ እስክታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ገባሁላት። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ከስንቁ የተረፈው ጥቂት ነው። ድንገተኛው 24,000 ግን አልተነካም፤ አሁንም እዚያው አለ። የወር ጉድለቱን ስሌት ዛሬም በየመስከረሙ እሠራዋለሁ፤ ባለቤቴ የራሱን ባጃጅ ለመግዛት እያሰበ ነውና በዚህ ዙር የምናሰላው የእሱን ነው።